የኢንተግራሉ የላይኛው ወሰን x² ሲሆን ዴሪቬቲቩ ምንድን ነው?

የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም የሚለው ነገር አጭር ነው። f ግራፉ የማይቆራረጥ ፈንክሽን ይሁን። ከ0 እስከ x ከግራፉ ሥር ያለውን ስፋት A(x) = ∫₀^x f(t) dt እንበለው። ታዲያ A′(x) = f(x) ነው። ኢንተግራሉን መሥራት አያስፈልግም፤ t የነበረበት ቦታ x ማስገባት ብቻ ነው።

ፈተና ላይ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

F(x) = ∫₀^(x²) e^(−t²) dt፣ F′(x) ስንት ነው?

e^(−t²) በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ አንቲዴሪቬቲቭ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ኢንተግሬት አድርጌ ከዚያ ዲፈረንሺዬት አደርጋለሁ ያለ ሰው መንገዱ ላይ ይቀራል። ቲዎረሙን የሚያውቅ ደግሞ ቶሎ ብሎ በt ቦታ x² ያስገባና e^(−x⁴) ብሎ ይጽፋል። ይሄም ልክ አይደለም። የጎደለው 2x ነው።

2x ከየት መጣ? ይህን ለማየት መልሱን በሌላ መንገድ ልናረጋግጠው የምንችል ቀላል ኢንተግራል እንውሰድ፦

G(x) = ∫₀^(x²) t dt

x = 3 ሲሆን የስፋቱ የቀኝ ጠርዝ 9 ላይ ነው። አሁን xን በትንሹ ገፋ አድርገን 3.01 እናድርጋት። ጠርዙ የት ደረሰ? 3.01² = 9.0601 ላይ። x የተንቀሳቀሰችው 0.01 ብቻ ነው፤ ጠርዙ ግን 0.0601 ሄዷል፣ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የተጨመረችው ቀጭን ቁራጭ ቁመቷ 9 ገደማ፣ ወርዷ 0.0601 ነው። ስፋቷ ወደ 0.54 ይጠጋል። ይህን xን ለገፋንበት 0.01 ስናካፍለው 54 አካባቢ ይመጣል።

አሁን ይህችን እንኳ ኢንተግሬት ማድረግ እንችላለንና እናመሳክር። G(x) = x⁴/2 ነው፣ ስለዚህ G′(x) = 2x³፣ 3 ላይ ልክ 54። x²ን ብቻ አስገብቶ የተወ ሰው 9 ያገኛል። እሱ ያገኘው የቁራጯን ቁመት ነው፤ ጠርዙ ከx ስንት እጥፍ ፈጥኖ እንደሚሄድ አልቆጠረም። 3 ላይ ፍጥነቱ 2x = 6 ነው፣ 9 × 6 = 54።

ይሄ እንግዲህ ቼይን ሩል ነው፣ ሌላ አዲስ ሕግ አይደለም። F(x) ማለት A(x²) ነውና የውጪውን ዴሪቬቲቭ በውስጠኛው ታበዛለህ፦

d/dx ∫ₐ^(g(x)) f(t) dt = f(g(x)) · g′(x)

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስለዚህ F′(x) = 2x·e^(−x⁴) ነው። ታችኛው ወሰን 0 ሆነ 5 ሆነ መልሱ ላይ ለውጥ የለውም፣ ቁጥር እስከሆነ ድረስ።

ታችኛውም ወሰን ፈንክሽን ከሆነስ? የግራው ጠርዝም ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። እሱ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ግን ስፋት ይቀንሳል፣ ስለዚህ የእሱ ድርሻ በማይነስ ይገባል። ከx እስከ x² ላለው ኢንተግራል መልሱ 2x·e^(−x⁴) − e^(−x²) ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው x ራሷ ኢንተግራሉ ውስጥ ስትገኝ ነው፦

H(x) = ∫₀^(x²) x·e^(−t²) dt

እዚህ ቀመሩን ዝም ብሎ መጠቀም አይቻልም፤ x ስትቀየር ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ግራፉም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ደግነቱ ኢንተግራሉ የሚሠራው በt ነውና x እንደ ቁጥር ወደ ውጪ ትወጣለች። H(x) = x·F(x) ይሆናል፣ ከዚያ ፕሮዳክት ሩል፦ H′(x) = F(x) + 2x²·e^(−x⁴)። የመጀመሪያው F(x) እንደ ኢንተግራል እንዳለ ይቀመጣል። መልስ ውስጥ ኢንተግራል መቅረቱ ብዙ ተማሪ ያስደነግጣል፣ ግን ምንም ችግር የለበትም።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱ ምንም ሳያጉረመርም መልስ ይሰጥሃል። ∫ ከ−1 እስከ x² የ1/t ይሁን። ቀመሩ (1/x²)·2x፣ ማለትም 2/x ይላል። ያማረ መልስ ነው። ነገር ግን ከ−1 ተነስቶ ወደ x² ለመድረስ በ0 ማለፍ ግድ ነው፣ 1/t ደግሞ እዚያ ላይ ይፈነዳል። ኢንተግራሉ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ ዴሪቬቲቭ አይኖረውም። −1ን በ1 ብንተካው፣ x ዜሮ እስካልሆነች ድረስ ከ1 እስከ x² ባለው መንገድ ላይ 0 የለም፣ ያው 2/x ትክክለኛ መልስ ይሆናል።