የቀጠሮ ምንዛሬ ትንቢት አይደለም፦ ሽፋን ያለው የወለድ እኩልነት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የኢኮኖሚ ተንታኝ «የአንድ ዓመቱን የቀጠሮ ምንዛሬ ተመልከቱ፤ ብር በአሥር በመቶ ገደማ እንደሚወድቅ ባንኮቹ አስቀድመው ያውቃሉ» ሲሉ በልበ ሙሉነት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ከቡሬ አኩሪ አተር የሚልከውም፣ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የወፍጮ መለዋወጫ የሚያስመጣውም ይህንኑ ይዞ ይመጣብኛል። «ባንኩ ምን ሰምቶ ነው?» ይሉኛል። ባንኩ የሰማው ነገር የለም። ሁለት ወለዶችን አይቶ አካፍሏል፤ ያደረገው ይኸው ብቻ ነው።

የቀጠሮ ምንዛሬ፣ በባንክ ቤት ስሙ ፎርዋርድ፣ ዛሬ ተስማምተን ገንዘቡን የምንለዋወጠው ግን በተወሰነ የወደፊት ቀን የሆነበት ዋጋ ነው። ሽፋን ያለው የወለድ እኩልነት የሚባለው ደንብ ይህን ዋጋ ከዕለቱ ምንዛሬና ከሁለቱ ገንዘቦች ወለድ ጋር ያስረዋል። የዕለቱን ምንዛሬ S፣ የቀጠሮውን F፣ የብርን ወለድ i፣ የዶላርን ወለድ j ብንላቸው፦

F = S × (1 + i) ÷ (1 + j)

በቀመሩ ውስጥ «ወደፊት ምን ይሆን ይሆን?» የሚል ፊደል የለም። ተንታኙ ይህን አንድ መስመር ቢያዩት ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ነገሩን ወደ አገራችን ጎተራ ላምጣው። አንድ ኩንታል ጤፍ ዛሬ በሦስት ኩንታል በቆሎ ይለወጣል እንበል። በአካባቢው እህል ያበደረ ሰው በዓመቱ ጤፉን አሥር በመቶ ጨምሮ፣ በቆሎውን ደግሞ ሠላሳ ሁለት በመቶ ጨምሮ ይቀበላል። አሥር ኩንታል ጤፍ ያለው ገበሬ ጤፉን ቢያበድር በዓመቱ አሥራ አንድ ኩንታል ጤፍ ያገኛል። ጤፉን ዛሬ ለውጦ ሠላሳ ኩንታል በቆሎ ቢያበድር ደግሞ 39.6 ኩንታል በቆሎ ይገባለታል። ታዲያ ለከርሞ ጤፍን በበቆሎ ለመለወጥ ዛሬ ውል የሚያስር ሰው ሒሳቡ ከየት ይመጣለታል? 39.6 ለ11 ሲካፈል 3.6 ነው። ከዚያ ዝቅ ያለ ወይም ከፍ ያለ ዋጋ የጠራ ሰው ጎረቤቱን ያለ ድካም ያበለጽጋል። ክረምቱ ይከፋ ይሆን፣ የሜጫ በቆሎ ያምር ይሆን ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። ጤፍ በከርሞው ገበያ በሁለት ኩንታል በቆሎ ቢለወጥ እንኳ የዛሬው የ3.6 ውል ስሌቱ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ መርጫቸዋለሁ። ዶላር ዛሬ 130 ብር፣ የብር የዓመት ወለድ 15 በመቶ፣ የዶላር 5 በመቶ ይሁን። የደብረ ማርቆሱ አስመጪ ከዓመት በኋላ 100,000 ዶላር ይፈልጋል፤ ዋጋውን ግን ዛሬ ማሰር ይሻል። ውሉን የሚሸጥለት ባንክ በዓመቱ ዶላር ፍለጋ መሮጥ አይፈልግም፤ ስለዚህ ዶላሩን ዛሬ ያዘጋጃል። በ5 በመቶ አድጎ 100,000 እንዲሞላ ዛሬ 95,238 ዶላር ይበቃል። ይህን ለመግዛት 12,380,952 ብር ያስፈልጋል። ባንኩ ብሩን በ15 በመቶ ቢበደር በዓመቱ የሚከፍለው 14,238,095 ብር ነው። ለ100,000 ዶላር ሲካፈል አንዱ 142.38 ብር ይወጣል። ተንታኙ «ባንኩ የሚያውቀው ውድቀት» ያሉት የ9.5 በመቶ ልዩነት ይህ ነው። እንደምታዩት ዶላሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በባንኩ እጅ ነው። ብር ቢወድቅም ቢያንሰራራም ለባንኩ ትርፍም ኪሳራም የለውም። «ሽፋን» ማለት ይኸው ነው።

አንድ ሌላ ባንክ «ብር ብዙም አይወድቅም ብዬ አምናለሁ» ብሎ ቀጠሮውን 135 ቢያደርገውስ? እምነቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ግን ይበላበታል። ብልጥ ሰው 100,000 ዶላር ተበድሮ ወደ 13,000,000 ብር ይለውጠዋል፤ በ15 በመቶ ሲያስቀምጠው 14,950,000 ይሆንለታል። በዓመቱ ለዕዳው 105,000 ዶላር ያስፈልገዋል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን በ135 ቀጥሮታልና 14,175,000 ብር ይከፍላል። በእጁ 775,000 ብር ይቀራል። የዓመቱ የዕለት ምንዛሬ 100 ቢሆን ወይም 200፣ ይህ ትርፍ በአንድ ሳንቲም አይለወጥም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ተሰልፈው ዶላርን በቀጠሮ ሲገዙ 135ቱ ወደ 142 መገፋቱ አይቀርም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለመደገፍ ብሎ ወለዱን ነገ ወደ 20 በመቶ ከፍ ቢያደርግና የዕለቱ ምንዛሬ 130 ላይ ቢቆይ፣ ቀጠሮው 148.57 ይሆናል። ተንታኙ ይህን አይተው «ባንኮች አሁን ከፋ ያለ ውድቀት ይጠብቃሉ» ሊሉ ነው። ብርን ለማጠንከር የተወሰደው እርምጃ ራሱ የቀጠሮውን ቁጥር ወደ ላይ ገፋው፤ ቁጥሩን እንደ ትንቢት የሚያነብ ሰው መልእክቱን ገልብጦ ያነባል። በእውነተኛ ገበያ የዕለቱ ምንዛሬም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነገሩ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም። ደግሞም የሰው ግምት ጨርሶ የለበትም አልልም፤ ወለዱንና የዕለቱን ምንዛሬ ራሳቸውን የሚቀርጸው ግምት ነውና። ቀጠሮው ግን በእነዚህ ላይ የሚጨምረው አዲስ ወሬ የለውም።

«ቀጠሮውና በቀኑ የሚገኘው የዕለት ምንዛሬ በአማካይ መገናኘታቸው አይቀርም» የሚለው መከራከሪያም አለ። ይህ ሽፋን የሌለው እኩልነት የሚባለው ሌላ መላምት ነው፤ የገንዘቦች ታሪክም በደንብ አልደገፈውም። ከፍተኛ ወለድ የሚከፍሉ ገንዘቦች ቀጠሮው በሚጠቁመው ልክ ሳይወድቁ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ይናዳሉ። በየን ተበድረው የአውስትራሊያ ዶላር የያዙ ሰዎች ይህን በ2008 እ.ኤ.አ. በደንብ ተምረውታል።

ደንቡ ራሱስ ሁልጊዜ ይሠራል? እዚህ ላይ ጎተራውን ትንሽ ልጎትተው። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎን ግን ይበላዋል። በቆሎውን ያበደረ ሰው ተበዳሪው በዓመቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ ካልሆነ 3.6 ቀርቶ ሌላ ዋጋ ይጠራል። በገንዘቡ ዓለም ነቀዙ የተበዳሪው ያለመክፈል ስጋት ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. በፊት በትልልቆቹ ገንዘቦች መካከል ከደንቡ ያለው ልዩነት ኢምንት ነበር። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ ባንኮች እርስ በርስ መተማመን ሲያቅታቸውና የአውሮፓ ባንኮች ዶላር ሲቸግራቸው ልዩነቱ ፈነዳ። የሚገርመው ቀውሱ ካለፈም በኋላ ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱ ነው። ምክንያቱ የጎተራው፣ ማለትም የባንኩ የሒሳብ መዝገብ፣ ስፋት ነው፤ ከቀውሱ በኋላ የወጡት የባንክ ቁጥጥር ደንቦች ባንክ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ንብረት፣ ስጋት የሌለበትም ቢሆን፣ የራሱን ካፒታል እንዲመድብ ስለሚያስገድዱ ትንሿን ልዩነት ለመልቀም ጎተራ መከራየት አያዋጣም። የሒሳብ መዝገብ በሚታይበት የሩብ ዓመት መጨረሻ ላይ ልዩነቱ መስፋቱ ይህንኑ ያሳብቃል።

የእኛ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ከላይ የጠቀስኩት ብልጥ ሰው ዶላር እንደልቡ ተበድሮ ወደ ብር የሚለውጥ፣ መልሶም የሚያወጣ ነው። በኢትዮጵያ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕለቱ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ቢባልም የካፒታል ዝውውሩ አልተከፈተም፤ ከውጭ ለመበደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚገፋ ሰው ከሌለ ቀመሩ ባንኩ ዋጋ የሚጀምርበት መነሻ ሆኖ ይቀራል እንጂ ዋጋውን አስሮ አይዝም። በትይዩ ገበያ የተሰማን ዋጋ ወስዶ፣ ከባንክ ወለድ ጋር ቀላቅሎ «እኩልነቱ ፈርሷል» ማለትም ከንቱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ውል፣ በአንድ ቀን የሚገናኙ ዋጋዎች አይደሉም።

የትኛው ወለድ እንደሚገባም ያለ ጥያቄ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሁለቱ ወለዶች ጊዜ ከቀጠሮው ጊዜ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የሦስት ወር ቀጠሮን በዓመት ወለድ የሚሠራ ሰው ተሳስቷል። ለዶላር ዓመቱ በ360፣ ለሌሎች ብዙ ገንዘቦች በ365 ቀን መቆጠሩም በትልቅ ውል ላይ ገንዘብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ወለዱ ባንኩ በእርግጥ ሊበደርበት የሚችለው መሆን አለበት። ብሔራዊ ባንክ በ2024 የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ሲያደርግ፣ ለተራ ቁጠባ የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ7 ብናሰላው ቀጠሮው 132.48 ይሆናል፤ በ15 ደግሞ 142.38።

የደብረ ማርቆሱ አስመጪ 142.38 «ተወደደብኝ» ሲል ታዲያ አልተሳሳተም፤ ምክንያቱን ነው የሳተው። ዋጋው የተሠራው ብር 15 በመቶ እንደሚያስገኝ ታስቦ ነው፤ የእሱ ብር ግን በቁጠባ ደብተር ላይ 7 እያገኘ ተቀምጧል። ዛሬ ዶላሩን ገዝቶ በ5 በመቶ ማስቀመጥ ቢፈቀድለት ኖሮ አንዱ ዶላር በዓመቱ ሒሳብ 132.48 ብር ብቻ ያስወጣው ነበር። በእያንዳንዱ ዶላር ላይ ተጨማሪ 9.90 ብር የሚከፍለው ብሩን ከ7 በመቶ በላይ ማሠራት ስለማይችልና ዶላሩንም ቀድሞ ገዝቶ መያዝ ስለማይፈቀድለት ነው።