ሮአስ 3 ሆኖ ለምን ይከስራል?

ደሴ ላይ ጋቢ የምትሸጥ ጓደኛዬ ዳሽቦርዷን አሳየችኝ። ለፌስቡክ ማስታወቂያ 6,000 ብር ከፍላ 18,000 ብር ሸጣለች። ሮአስ 3 ይላል፤ ከማስታወቂያው የመጣው ሽያጭ ለማስታወቂያው ወጪ ሲካፈል ማለት ነው። ደስ ብሏታል። ግን ሽያጭ ትርፍ አይደለም።

አንዱን ጋቢ በ3,000 ትሸጠዋለች። ፈትሉ፣ የሸማኔው ዋጋና ማድረሻው 2,400 ይፈጃሉ። እጇ ላይ የሚቀረው 600 ነው። ስድስት ጋቢ ሸጣ 3,600 ቀራት፤ ማስታወቂያው 6,000 በላ። 2,400 ብር ከስራለች ማለት ነው። 3,000ን ለ600 ስናካፍል 5 ይመጣል። ለእሷ ከ5 በታች የሆነ ሮአስ ሁሉ ኪሳራ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ሁለት ቁጥሮች ያሳያሉ። 60 ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ጽፎላታል፤ አንድ ጠያቂ 100 ብር አስወጥቷታል። የገዙት 6 ናቸው፤ ኮንቨርዥኑ፣ ማለትም ከጠየቁት ውስጥ የገዙት ድርሻ፣ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ገዢ ለማግኘት 1,000 ብር ወጥቷል። ኮንቨርዥኑ 20 በመቶ ቢሆን 500 ይበቃ ነበር።

መልእክቶቹን ከፍተን አየን። ብዙዎቹ ማታ ተጽፈው መልስ ያገኙት በማግስቱ ከሰዓት ነው። ላይክና እይታን ከዳሽቦርዱ አውጥተን ሦስቱን ብቻ አስቀረን፦ ሮአስ፣ የአንድ ጠያቂ ወጪ እና ኮንቨርዥን። ከሮአስ ጎን 5ን በቀይ ጻፍን።