የተዘለለ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ምንድን ነው? ሳምንቱስ ለምን ይወስናል?

ጥምር ክኒን የሚባለው ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን በአንድ ላይ የያዘው ነው። በብዛት የሚገኘው ፓኬት 28 ፍሬ አለው፤ 21ዱ ሆርሞን ያላቸው፣ የመጨረሻዎቹ 7 ቡናማዎቹ ደግሞ ብረት (አይረን) ብቻ ናቸው። ቡናማውን ብትረሺ ምንም ችግር የለም፤ የረሳሽውን ጥለሽ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። የሚያሳስበው የ21ዱ ነገር ነው።

ከ21ዱ አንድ ብቻ ከተዘለለ፣ ማለትም መዋጥ ከነበረብሽ ሰዓት 48 ሰዓት ካልሞላ፣ እንዳስታወስሽ ዋጪው። የዛሬውንም በሰዓቱ ትወስጃለሽ፤ በአንድ ቀን ሁለት ፍሬ መሆኑ አይጎዳም። ኮንዶምም አያስፈልግም።

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተዘለለ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቅርቡ የተዘለለውን አንዱን ፍሬ ወዲያው ዋጪ፣ ከዚያ በፊት የተዘለሉትን ተያቸው፣ የቀረውን በየቀኑ በሰዓቱ ቀጥይ፤ 7 ቀን በተከታታይ እስክትወስጂም ኮንዶም ተጠቀሚ ወይም ከግንኙነት ታቀቢ። ያለፈውን ሁሉ አንድ ላይ መዋጥ ማቅለሽለሽ ያመጣል እንጂ የጠፋውን ጥበቃ አይመልስም። አንዳንድ መመሪያዎች ይህን የሚሉት 3 ፍሬ ሲዘለል ነው፤ እኛ ግን ጠበቅ ያለውን እንመርጣለን።

ሳምንቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ እንቁላል እንዳይወጣ ኦቫሪን ያስተኛል፤ ለማስተኛት 7 ተከታታይ ፍሬ ይፈልጋል። በቡናማዎቹ 7 ቀናት ኦቫሪ መንቃት ይጀምራል፤ አዲሱ ፓኬት በሰዓቱ ሲጀመር መልሶ ይተኛል። ስለዚህ አደገኛው መዘለል ያንን የ7 ቀን ክፍተት የሚያስረዝመው ነው፤ ከፊቱም ሆነ ከኋላው።

አንዲት ሴት ቡናማዎቹን እሁድ ጨርሳ፣ አዲሱን ፓኬት ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት መጀመር ነበረባት እንበል። ገጠር ሄዳ ፓኬቱን ቤት ረሳችው፤ ያስታወሰችው ረቡዕ በዚያው ሰዓት ነው። ሁለት ፍሬ ብቻ ቢመስልም ሰውነቷ 9 ቀን ያለ ሆርሞን ቆይቷል። የማክሰኞውንና የረቡዑን ትውጣለች፣ የሰኞውን ትተወዋለች፣ ለ7 ቀን ኮንዶም። እሁድ ማታ ግንኙነት አድርጋ ከነበረስ? ያኔ ቡናማ ክኒን ላይ ነበረች፣ ምንም አልዘለለችም፤ ሆኖም የወንድ ዘር በማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ይቆጠራል። ባለፉት 5 ቀናት ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካለ ድንገተኛ መከላከያ (ፖስት ፒል) ማሰብ ያለባት በዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ፖስት ፒል ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ስለሚደክም ነገ አይባልም፤ ፋርማሲ በዚያው ምሽት ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባለው ዓይነት ከሆነ የዘወትሩን ክኒን ሳታቋርጥ ትቀጥላለች።

ይኸው መርሳት በሁለተኛው ሳምንት ቢሆን ይቀላል። ቀድሞ 7 ፍሬ በትክክል ከተወሰደ ኦቫሪ ተኝቷል። ኮንዶሙ ለ7 ቀን ይቀጥላል፤ ፖስት ፒል ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ቡናማዎቹም በተራቸው ይወሰዳሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ያቺው ሴት 18ኛውንና 19ኛውን ፍሬ፣ የሐሙስና የዓርቡን፣ ዘልላ ቅዳሜ አስታወሰች። «ሊያልቅ ነው፣ ወር አበባዬም ሊመጣ ነው» ብላ ወደ ቡናማዎቹ ካለፈች፣ ከፊቷ ያለው ሌላ የ7 ቀን ክፍተት ነው፤ አሁን ከዘለለችው ጋር ሲደመር ኦቫሪ ለመንቃት በቂ ጊዜ ያገኛል። ማድረግ ያለባት የዓርቡንና የቅዳሜውን መዋጥ፣ እሁድ 21ኛውን መጨረስ፣ ቡናማዎቹን መጣልና ሰኞ በቀጥታ አዲስ ፓኬት መጀመር ነው። የ7 ቀኑ ኮንዶም እዚህም አለ። በዚያ ወር የወር አበባ ላይመጣ ይችላል፤ ወይም ጠብ ጠብ የሚል ደም ይታያል። ሁለቱም አይጎዱም። አዲሱ ፓኬት በእጇ ከሌለ ግን፣ አግኝታ 7 ፍሬ እስክትወስድ ድረስ ኮንዶሙን አትተውም።

ክኒን በተዘለለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደም ሊፈስ ይችላል። ይህ ሆርሞኑ ስለወረደ የመጣ ደም ነው። «ወር አበባዬ መጣ» ብሎ ፓኬቱን ማቆም ክፍተቱን ያራዝመዋል፤ ደሙ እየፈሰሰም ክኒኑ ይቀጥላል።

ማስታወክም እንደ መዘለል ነው፤ ከዋጥሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ውሰጂ። ቡናማዎቹን ወስደሽ ጨርሰሽ ደም ካልመጣ፣ በዚያ ፓኬት ላይ የዘለልሽው ካለ፣ ከግንኙነቱ 3 ሳምንት ሲሞላ የሽንት ምርመራ አድርጊ።