የክትባት ዘመቻ «ሽፋን» ምንድን ነው? በግምገማ መድረክ ላይ ምን ይጠየቅ?

ሽፋን ማለት መከተብ ከነበረባቸው ሰዎች ውስጥ በመቶ ስንቱ እንደተከተቡ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዘመቻ ግምገማ ላይ «የኩፍኝ ክትባት ሽፋን 105 በመቶ» የሚል ስላይድ ሲመጣ አዳራሹ ማጨብጨብ ሳይሆን መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። ካሉት ልጆች በላይ መከተብ አይቻልምና ከተከተቡት ቁጥርና መከተብ ከነበረባቸው ቁጥር ቢያንስ አንዱ ስህተት ነው።

ስህተቱ የትኛው ላይ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ምናባዊ ወረዳ እንውሰድ። ዘመቻው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 59 ወር የሆኑ ልጆችን ይመለከታል። የዕቅዱ ሰነድ 12,000 ልጆች አሉ ይላል፤ ለእያንዳንዱ የተከተበ ልጅ አንድ መስመር ከሚሰመርበት ከከታቢዎቹ የታሊ ወረቀት የተደመረው ደግሞ 12,600 ነው። 12,600 ለ12,000 ሲካፈል 105 በመቶ ይሆናል። ይህ አስተዳደራዊ ሽፋን ይባላል፤ የሚሰላው ከሪፖርት ብቻ ነው፣ ማንም ሰው ቤት ሄዶ ልጅ አላየም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ታህቱ፣ ማለትም የሚካፈልበት የልጆች ቁጥር፣ ከየት መጣ?» የሚል ይሁን። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ስላልተካሄደ የወረዳ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ቆጠራ በተሰላ ትንበያ ነው። ትንበያው የሚያውቀው የተለመደውን ዕድገት ነው። ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችን፣ ወደ ሰፋፊ እርሻዎች የሚጎርፉ የቀን ሠራተኞችን ወይም በከተማ ዳር በአንድ ክረምት የሚያድግ ሠፈርን አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከዘመቻው በፊት ቤት ለቤት ሕፃናትን መዝግበው ከሆነ ያ ቁጥር ከትንበያው ጋር ጎን ለጎን ይቅረብ። በወረዳችን የቤት ለቤቱ ምዝገባ 14,400 ልጆች ቢያገኝ፣ ያው 12,600 ልጅ 87.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ክትባት ላይ ምንም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የተካፈለበት ቁጥር ነው።

ላዕሉም፣ ማለትም የተከተቡት ቁጥር፣ የራሱ ጣጣ አለው። ታሊ ላይ የሚሰመረው ዕድሜው ያለፈ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ከጎረቤት ወረዳ ተሻግሮ የመጣም ይኖራል። ከሁሉ የሚከፋው የተከተቡት ልጆች ሳይቆጠሩ የተከፈቱት ቫያሎች፣ ማለትም የክትባት ብልቃጦች፣ በአሥር ተባዝተው ሲመዘገቡ ነው። በዘመቻ የሚውለው የኩፍኝ ቫያል በአብዛኛው አሥር ዶዝ ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ ያወጣነው ዶዝ ከተከተበው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ሪፖርቱ ብክነት ዜሮ ነው ካለ፣ አንድም ልጅ አልተቆጠረም ማለት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ አቅራቢው «የድኅረ ዘመቻ ዳሰሳ አድርገናል» ሊል ይችላል። ጥሩ ነው፣ ግን ዳሰሳም ይጠየቃል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር 30 ቦታ መርጦ ከየቦታው 7 ልጅ፣ በድምሩ 210 ልጅ ማየት ነበር። ይህ የተቀየሰው መልሱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ነጥብ ሊዋዥቅ እንደሚችል ታስቦ ነው። ኩፍኝን ለመግታት ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ የመከላከል አቅም ሊኖራቸው ይገባል። እንዲህ ባለ ዳሰሳ የተገኘ 91 በመቶ ግቡ መመታቱን ወይም መሳቱን ሊነግረን አይችልም፤ «የመተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው ክልል፣ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቀጥሎ ደግሞ መረጃው ከምን እንደተወሰደ ይጠየቅ፦ ከካርድ፣ ከጣት ምልክት ወይስ ከእናት ትዝታ? ምልክቱ ሳምንታት ሲያልፉ ይጠፋል፤ ዳሰሳው ከዘገየ የቀረው ትዝታ ብቻ ነው። በመጨረሻም፣ በጸጥታ ምክንያት ያልተደረሰባቸው ቀበሌዎች ከናሙናው ወጥተው እንደሆነ ይጠየቅ። ወጥተው ከሆነ የተነገረን ቁጥር የወረዳው ሳይሆን መድረስ የተቻለበት አካባቢ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፍትሐዊነቱ እንሂድ፤ ክትባቱ ለሁሉም ቀበሌ እኩል ደርሷል ወይ? ወረዳው እያንዳንዳቸው 1,200 ልጅ ያላቸው 12 ቀበሌዎች አሉት እንበል። በአሥሩ ሽፋኑ 95 በመቶ፣ በሁለቱ ቆላማና ሩቅ ቀበሌዎች 50 በመቶ ነው። የወረዳው አማካይ ያው 87.5 በመቶ ይመጣል። ያልተከተቡትን ብንቆጥር ግን አሥሩ ቀበሌዎች ተደምረው 600፣ ሁለቱ ብቻ 1,200 ልጅ አላቸው። ኩፍኝ የሚፈልገው አማካይን ሳይሆን እንዲህ ተሰብስበው የሚገኙ ያልተከተቡ ልጆችን ነው፤ ወረርሽኙ የሚነሳውም እዚያ ነው። በአገር ደረጃም እንዲሁ ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች የወሰዱት በአገር ደረጃ 39 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15 በመቶ።

እነዚያ ሁለት ቀበሌዎች ለምን ቀሩ? «እናቶቹ ግንዛቤ የላቸውም» የሚል መልስ ከመጣ አይብቃን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከአሠራሩ ነው። ሦስት ልጅ ብቻ ሲመጣ ከታቢው አሥር ዶዝ ላለማባከን ቫያሉን ሳይከፍት «ነገ ተመለሱ» ይላል፤ ሁለት ሰዓት በእግር የመጣች እናት ደግሞ ነገ አትመለስም። የክትባት ጣቢያው የቆመበት ቀን የገበያ ቀን ይሆናል፣ ወይም ከብት ተከትሎ ቤተሰቡ ወጥቷል። ስለዚህ የሚጠየቀው የቡድን ብዛትና የቀን ድልድል ነው፦ ለሩቁ ቀበሌ ቡድንና ቀን የተመደበው በሕዝቡ ብዛት ብቻ ነው ወይስ ርቀቱም ታስቦ? ደግሞ ከተከተቡት ውስጥ ኩፍኝ ክትባት ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ያልወሰዱት ስንት ነበሩ? ይህ ካልተመዘገበ ዘመቻው የደረሰው መደበኛውን ክትባት ቀድሞ ለሚያገኙት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ክፍል ማስረጃ ነው፤ ክትባቱ ሠርቷል ወይ? እዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ስህተት ይሠራል። አንዱ «ከዘመቻው በኋላ ታማሚ ቀነሰ፣ ስለዚህ ዘመቻው ተሳካ» የሚለው ነው። ዘመቻው የተጀመረው ወረርሽኙ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ከሆነ፣ ሊያዙ የሚችሉት ልጆች አልቀው በራሱም ይቀንስ ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ የታመሙት ቁጥር ዘመቻው የተካሄደበት ሳምንት ተመልክቶበት ይታይ፣ ዘመቻ ካልደረሰበት ተመሳሳይ ቀበሌም ጋር ይነጻጸር።

ሌላው ደግሞ «ከታመሙት ከግማሽ በላይ ተከትበው ነበር፣ ክትባቱ አይረባም» የሚለው ነው። በ9 ወር የሚሰጥ አንድ ዶዝ ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉን ይከላከላል። ከ1,000 ልጅ 900ው ቢከተቡ 135ቱ ሳይከላከላቸው ይቀራል፣ ያልተከተቡት ደግሞ 100 ናቸው። ቫይረሱ ሁሉንም ቢያገኝ 235 ልጅ ይታመማል፤ ከእነሱ 57 በመቶው የተከተቡ ናቸው። ክትባቱ ግን 765 ልጅ አድኗል። ስለዚህ አቅራቢውን «ከታመሙት ስንቱ ተከትበዋል?» ብቻ ሳይሆን «ከተከተቡት ስንት በመቶው ታመመ፣ ካልተከተቡትስ?» ብለን እንጠይቅ፤ እዚህ ላይ መልሱ 15 በመቶ እና 100 በመቶ ነው።