የኑዛዜ ወሰን በወሎ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሀብቱ የራሴ ነው፤ ብፈልግ ለአንዱ ልጄ ጠቅልዬ እናዘዛለሁ።»

ባለትዳር ሰው መናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ ከጋራ ሀብቱ እኩሌታው የትዳር ጓደኛው በመሆኑ በኑዛዜ ሊነካው አይችልም። ይህን ለማስረዳት አንድ የደሴ ነጋዴን እንውሰድ። ከሚስቱ ጋር ያፈሩት ቤትና ሸቀጥ 2,400,000 ብር ያወጣል እንበል፤ የሱ ድርሻ 1,200,000 ብር ነው፤ ልጆቹ አራት ሲሆኑ ኑዛዜ ባይኖር እያንዳንዳቸው 300,000 ብር ይደርሳቸው ነበር። አባት ለበኩር ልጁ 900,000፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር አከፋፍሎ ቢናዘዝ፣ ሦስቱ ልጆች ክፍፍሉን በፍርድ ቤት ሊቃወሙት ይችላሉ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «ለልጅ ይህን ያህል ተጠብቋል» ብሎ በግልጽ የለየው ድርሻ የለም። ነገር ግን በቁጥር 1123 መሠረት፣ በአባት ወይም በእናት ክፍፍል ምክንያት ከሚደርሰው ድርሻ ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ከ300,000 ብር ሦስት አራተኛው 225,000 ነው፤ ስለዚህ 100,000 ብር የደረሰው ልጅ ክስ ቢያቀርብ የሚያሸንፍበት ምክንያት አለው። ያው አባት ለሦስቱ ለእያንዳንዳቸው 230,000፣ ለበኩሩ 510,000 ብር ቢያደርግ ኖሮ ብልጫው ትልቅ ሆኖም በጉዳት ምክንያት አይፈርስም ነበር። በእኔ እምነት አንዱን ልጅ ማስበለጥ የሚፈልግ ወላጅ ይህን ስሌት ሳይሠራ ብዕር ማንሳት የለበትም፤ የንብረቱ ግምት ከፍ ሊል ስለሚችልም ከ225,000 ጥቂት አልፎ መስጠት ሳይሆን ሰፋ ያለ ልዩነት መተው ይሻላል።

«ስሙን ኑዛዜው ላይ ካልጠራሁት ከውርስ ተነቅሏል።»

አልተነቀለም። ተወላጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ተናዛዡ መንቀሉን በግልጽ ጽፎ ምክንያቱንም በዚያው ኑዛዜ ውስጥ ሲያሰፍር ነው፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ፍርድ ቤቱ ይመዝናል። ሀብትን በሙሉ ለሌላ ሰው መናዘዝ ወንድምንና እህትን በዝምታ ሊነቅል ይችላል፤ ልጅን ግን አይነቅልም።

«እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ሲሶው የእኔ ስለሆነ እሱን ለምወደው ልጄ እጨምርለታለሁ።»

በሸሪዓ የወሲያው፣ ማለትም የኑዛዜው፣ ወሰን ሲሶ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የሚቆጠረውም የቀብር ወጪና ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ከሚተርፈው ሀብት ላይ ነው። ሆኖም ወሲያ በመሠረቱ ወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ለበጎ ሥራ የሚደረግ ስለሆነ፣ ለወራሽ የተደረገ ወሲያ በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ የሚጸናው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ሌሎቹ ወራሾች ሲፈቅዱ ነው። ከሲሶ ማለፍም እንዲሁ የእነሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

«ዘመዴ ክርስቲያን ከሆነች ከእኔ ምንም ልታገኝ አትችልም።»

ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዶች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት በወሎ ይህ ስሕተት ብዙ እህቶችንና አክስቶችን ባዶ እጃቸውን ያስቀራል። በሸሪዓ የእምነት ልዩነት መውረስን እንጂ ወሲያን አይከለክልም። እንዲያውም ወራሽ ባለመሆኗ ከሲሶው ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ ሊሰጣት ይቻላል። ዕዳው ተከፍሎ 1,200,000 ብር የተረፈለት፣ ሚስት፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ያሉት፣ እናትና አባቱ ቀድመውት የሞቱ ሰው፣ ለክርስቲያን እህቱ እስከ 400,000 ብር መናዘዝ ይችላል። ከቀረው 800,000 ሚስቱ አንድ ስምንተኛውን፣ 100,000 ብር ትወስዳለች፤ ከሚተርፈው 700,000 ወንዶቹ 200,000 እየደረሳቸው ሴቲቱ 100,000 ታገኛለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ሴትና ወንድ ልጅ እኩል ይወርሳሉ፤ የሃይማኖት ልዩነትም ውርስን አይከለክልም።

«በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ሟቹ ወስኖ ይሄዳል።»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ባይስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ከክፍፍሉ በፊት የሚመረመረው የኑዛዜው ፎርም ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ መነበቡም በጽሑፉ መጠቀሱ፣ ቀን መጻፉ፣ ሁሉም ወዲያው መፈረማቸው ወይም የጣት አሻራ ማኖራቸው ግዴታ ነው። አንድ ሽማግሌ በመስጊድ ደጃፍ በሁለት ሰዎች ፊት ያስጻፉት ወሲያ፣ ሲሶውን በጥንቃቄ ቢጠብቅም፣ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካልሆነ በቀር በዚህ ፍርድ ቤት ይወድቃል።