«መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

እኔ እንጀራዬ የመድን ደብዳቤ ማንበብ ነው። የካሳ ክፍሉ ለደንበኛ ሊልከው ያረቀቀውን ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት አነባለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው ለጀማሪ ሠራተኞች ሲያስረዳ ሰማሁት። «ከታች ‹መብታችን የተጠበቀ ነው› የሚል መስመር እስካለ ድረስ፣ ከላይ የተጻፈው ብዙም አያስጨንቅም» አለ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ሐረጉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ «ጉዳዩን እያጣራን ነው፤ እየመረመርን መሆናችን ለመክፈል እንደተስማማን አይቆጠርብን።» በቃ። ከላይ የሰጠኸውን ቃል ግን መልሶ አይነጥቅም።

መብት መጠበቂያ ሐረግ ማለት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ያልተጠራውን ይመልሳል። አንተ በመስኮት «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ!» ብለህ የጠራኸውን ግን ምን ብሎ ይመልሰው? እንግዳው ገብቶ ቡና ከጠጣ በኋላ «ዘበኛ አለኝ እኮ» ብትለው፣ «የጠራኸኝ አንተ ነህ» ይልሃል። እውነቱን ነው።

አንድ ረቂቅ እንይ። ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ቃላቱ ግን በየሳምንቱ የማያቸው ናቸው። አንድ የጭነት አይሱዙ ተገልብጧል። ባለቤቱ ጉዳት አመልክቷል። የካሳ ክፍሉ አሽከርካሪው አደጋው በደረሰበት ቀን የታደሰ መንጃ ፈቃድ ስለመያዙ ተጠራጥሯል። ውሉ ደግሞ የጸና መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ለሚነዳ ሰው ሽፋን አይሰጥም። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«ያቀረቡትን የካሳ ጥያቄ ተቀብለናል። ተሽከርካሪው በመረጡት ጋራዥ እንዲጠገን የተስማማን ሲሆን፣ ቀሪ ሰነዶች ሲሟሉ ክፍያው ይፈጸማል። አስፈላጊው ማጣራት እየተደረገ ነው። ድርጅቱ በውሉ ያለው መብት የተጠበቀ ነው።»

ጸሐፊው ክፋት የለበትም። ትሁት ሰው ነው። ችግሩም ትሕትናው ነው።

«ተቀብለናል»ን እንያት። ጸሐፊው «ወረቀቱ ደረሰን» ማለቱ ነው። ደንበኛው «ጥያቄህን አጸደቅን» ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው። «ሐሳብህን ተቀብያለሁ» ስትል ተስማምቻለሁ ማለትህ አይደለምን? እንግሊዝኛው ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ የእኛው አንድ ቃል ሁለቱን ይሸከማል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ «ደርሶናል» በሚል እተካዋለሁ። «ደርሶናል» ጸደቀ ማለት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የባሰ ነው። «ሲሟሉ» ይላል፤ «ከተሟሉ» አይልም። «ሲሟሉ» ጊዜን እንጂ ቅድመ ሁኔታን አያሳይም፤ ዝናቡ ሲያባራ እንመጣለን እንደማለት ነው። መምጣቱ ቁርጥ ነው፣ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ «ክፍያው» አለ። «ው»ን ልብ በሉ። ክፍያ የለም እኮ ገና። «ክፍያው» ስትል አስቀድመህ እንዳለ አምነሃል። ደንበኛው የጎደለችውን ሊብሬ ኮፒ ካመጣ በኋላ ምን ቀረ? ስለ መንጃ ፈቃዱ በዚህ መስመር አንድም ቃል የለም።

ስለ ጋራዡ የተባለው ደግሞ ደንበኛውን ያንቀሳቅሰዋል። ሰውየው ደብዳቤዋን ይዞ ይሄዳል። ጋራዡ መኪናውን ይፈታል፣ ዕቃ ያዛል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ሰውየው ተበድሮ ይከፍላል። ከ2 ወር በኋላ «መንጃ ፈቃዱ አልታደሰም፣ አንከፍልም» ብትለው የሚመጣው ክርክር ስለ መንጃ ፈቃድ ብቻ አይሆንም። «ተስማማን ባላችሁኝ መሠረት ነው ወጪ ያወጣሁት» የሚል ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፤ እንግዳው ግን ሶፋው ላይ ተኝቷል።

«ማጣራት እየተደረገ ነው» የሚለው ደግሞ ስለ ምን? በማን? ለምን? የጉዳቱን መጠን ይሆን ወይስ ሽፋን መኖር አለመኖሩን? ደንበኛው ደስ የሚለውን ይመርጣል። እኔም ብሆን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ጠበቃ አፉን ሊከፍት ነው። «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 አንዱ ወገን ያዘጋጀው ውል ሲያሻማ ለሌላው ወገን በሚበጅ መንገድ እንዲተረጎም ያዛል፤ ያ ግን ስለ ውል ነው፣ ደብዳቤ ውል አይደለም።» ልክ ነህ ወዳጄ። እኔም ደብዳቤውን በዚያ ቁጥር ብቻ አልፈራውም። የምፈራው ይርጋውን ነው። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 ደግሞ ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። «ክፍያው ይፈጸማል» ማመን ነው ወይስ አይደለም? እኔ ፍርድ ቤት ፊት ይህን ጥያቄ መመለስ አልፈልግም።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዳቱ ትልቅ ከሆነ ደብዳቤውን የሚያነበው ደንበኛው ብቻ አይደለም። መድን ድርጅቱ ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ ጋር የሚገባው የጠለፋ መድን ውል አለ፤ አንዳንዱ ውል ያ መድን ሰጪ ሳይስማማ ኃላፊነት እንዳታምን ይከለክላል። በትህትና የተጻፈች «ተቀብለናል» ከደንበኛው ቀድማ እዚያ ጋ ታስጠይቅሃለች።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ይኸኛው ረቂቅ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«የካሳ ጥያቄዎ ደርሶናል። ይህ ደብዳቤ ጥያቄው በውሉ የሚሸፈን ስለመሆኑ ወይም ስላለመሆኑ የተሰጠ ውሳኔ አይደለም። አደጋው በደረሰበት ቀን የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ የጸና መሆኑን እያጣራን ነው፤ በውሉ መሠረት የጸና መንጃ ፈቃድ ከሌለ ሽፋን አይኖርም። ለዚህም የመንጃ ፈቃዱን ኮፒና የፖሊስ ሪፖርት ይላኩልን። የጉዳቱን መጠን የሚገምት ባለሙያ እንልካለን፤ መላካችን ለመክፈል ተስማምተናል ማለት አይደለም። ውሳኔያችንን በጽሑፍ እስክናሳውቅዎ ድረስ ለጥገና የሚያወጡት ወጪ በእርስዎ ኃላፊነት ነው። ከማጣራቱ በኋላ በውሉ ያሉንን ሌሎች መከላከያዎች የማንሳት መብታችን የተጠበቀ ነው።»

የመጨረሻው መስመር አሁንም አለ። አሁን ግን ሥራ አለው፤ የሚጠብቀው ነገር ከላይ በስሙ ተጠርቷል። ደንበኛውም የተጠረጠረው ምን እንደሆነ ስላወቀ፣ የታደሰ መንጃ ፈቃድ ካለ ነገ ያመጣዋል። ያኔ ክርክሩ ያልቃል፣ ይከፈለዋል።

ረቂቁን የጻፈው ልጅ «ጋሼ፣ እንዲህ ደረቅ ካልን ደንበኛው አይቀየመንም?» አለኝ። ስልኩን አንስተህ ደውልለት፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈ በለው፣ ሻይ ጋብዘው አልኩት። በስልክ ግን ጋራዡን እንዳታነሳ።