የኳድራቲክ ኢ-እኩልነት፦ የሰለቹኝ ስህተቶች እና እውነታው

«(x − 2)(x − 5) > 0 ከሆነ፣ x > 2 እና x > 5 ነው።»

ሐዋሳ ውስጥ ሒሳብ ሳስጠና ይህን መስመር በየዓመቱ በቀይ እሰርዛለሁ፤ በየዓመቱም ተመልሶ ይመጣል። ምንጩ የታወቀ ነው። ተማሪው «= 0» ያለበትን ጥያቄ ሲፈታ የለመደው ሕግ አለ፦ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ሕጉ የሚሠራው ግን ለዜሮ ብቻ ነው። ሁለት ኔጋቲቭ ቁጥሮችም ሲባዙ ፖዘቲቭ ይሰጣሉና፣ ብዜቱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው አይባልም። በ x ቦታ 0 አስገቡ፦ (−2)(−5) = 10። ከዜሮ በለጠ፤ እንግዲህ 0 ከመልሱ አንዱ ነው። እናንተ ግን እሱንም፣ ከ2 በታች ያለውንም ቁጥር ሁሉ ጣላችሁት። ምልክቱ < ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «x < 2 እና x < 5» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ትክክለኛዎቹን መልሶች አንድ ሳያስቀር ጥሎ ስህተቶቹን ብቻ ይለቅማል።

መንገዱ ይኸው። 2 እና 5 ብዜቱን ዜሮ የሚያደርጉት ሩቶች ናቸው፤ ቁጥር መስመር ላይ አስቀምጧቸው። ቅንፎቹ ሲባዙ x² − 7x + 10 ይሆናል፤ የ x² ኮኢፊሸንት ፖዘቲቭ ስለሆነ ፓራቦላው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ይከፈታል። ከግራ ሲመጣ ከዘንጉ በላይ ነው፤ 2 ላይ ወደ ታች ያልፋል፤ 5 ላይ ተመልሶ ይወጣል። ኩርባው ዘንጉን ሳይነካ ከላይ ወደ ታች መሻገር ስለማይችል ምልክቱ የሚለወጠው በሩቶቹ ላይ ብቻ ነው። ከዜሮ የሚበልጠው ከሁለቱ ውጭ ነው፦ x < 2 ወይም x > 5። ከዜሮ የሚያንሰው በመካከላቸው ነው፦ 2 < x < 5። የመጀመሪያውን መልስ አሳጥራለሁ ብላችሁ 5 < x < 2 እንዳትጽፉ፤ ከ5 በልጦ ከ2 የሚያንስ ቁጥር የለም።

«ኔጋቲቩ ስለሚያስቸግረኝ መጀመሪያ በ−1 አባዝቼ አጠፋዋለሁ።»

ማባዛቱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ምልክቱን መገልበጥ መርሳት ነው። ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። በሐይቁ ላይ ሰው የሚያንሸራሽር ባለ ጀልባ ዋጋውን p ብር ቢያደርግ በቀን 120 − p ሰው ያገኛል እንበል፤ የቀን ገቢው ከ3,200 ብር እንዳያንስ ስንት ያስከፍል? p(120 − p) ≥ 3200 ነው፤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስናመጣው −p² + 120p − 3200 ≥ 0 ይሆናል። ሩቶቹ 40 እና 80 ናቸው፤ ድምራቸው 120፣ ብዜታቸው 3200።

አንድ ጎበዝ ልጅ በ−1 አባዝቶ p² − 120p + 3200 ≥ 0 ብሎ ጻፈ፤ መልሱንም «ከ40 በታች ወይም ከ80 በላይ» አለ። «እስቲ በነፃ ጫናቸው» አልኩት። ዋጋው 0 ሲሆን 120 ሰው ይሳፈራል፤ ገቢው ግን ባዶ ነው። በ100 ብር ደግሞ 20 ሰው ብቻ ስለሚመጣ ገቢው 2,000 ላይ ይቀራል። በ60 ብር 60 ሰው ይመጣል፤ 3,600 ብር። የ p² ኮኢፊሸንት ኔጋቲቭ ስለሆነ ፓራቦላው ወደ ታች የተደፋ ነው፤ ከዘንጉ በላይ ያለው መሃሉ ነው። ስለዚህ 40 ≤ p ≤ 80፤ እኩል መሆንም ስለተፈቀደ 40 እና 80 ራሳቸውም ይገባሉ። በ−1 ማባዛት የሚወድ ሰው ≥ን ወደ ≤ ይገልብጥ፤ ያኔ ያው መልስ ይወጣል።

«ዲስክሪሚናንቱ ኔጋቲቭ ስለሆነ መልስ የለውም።»

መልስ የሌለው x² + 2x + 5 = 0 ነው እንጂ x² + 2x + 5 > 0 አይደለም። ዲስክሪሚናንቱ 4 − 20 = −16 ነው፤ ፓራቦላው ዘንጉን የትም አይነካም ማለት ነው። ወደ ላይ የሚከፈት ሆኖ ካልነካው ደግሞ ሁሌም ከላይ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር መልስ ነው። መልስ የሚጠፋው ጥያቄው < 0 ሲል ነው።

«x² < 4x ከሆነ በ x አካፍዬ x < 4 እላለሁ።»

−1 አስገቡና 1 ከ−4 ያንስ እንደሆነ ንገሩኝ። x ኔጋቲቭ ሊሆን ስለሚችል አታካፍሉ፤ x(x − 4) < 0 ብላችሁ በ0 እና በ4 መካከል ያለውን ውሰዱ።

«ግራፉን በትክክል መሳል አለብኝ።»

የለባችሁም፤ ሩቶቹ እና አፉ ወዴት እንደተከፈተ ከታወቀ ይበቃል። ሩቱ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ንድፉን ደጋግማችሁ እዩት፦ x² − 6x + 9 የ x − 3 ካሬ ስለሆነ ፓራቦላው 3 ላይ ዘንጉን ነክቶ ይመለሳል እንጂ አያልፍም። ስለዚህ ≤ 0 ቢባል መልሱ 3 ብቻ ነው፤ > 0 ቢባል ከ3 በቀር ሁሉም ነው።